ጥር 11 መቼ ነው? ዓመታዊ ማስታወሻዎችና ሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች

(በባሕር ዳር ለመምህራንና ለተማሪዎች በ2018 ዓ.ም. ከቀረበ ገለጻ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

ገለጻዬን በራሴ ቤተሰብ በደረሰ አንድ ነገር እጀምራለሁ።

ወንድሜ የሚኖረው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት ነው። እናታችን የተወለዱት በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን ነው። ወንድሜ በስልኩ የቀን መቁጠሪያ ላይ ጃንዋሪ 19ን ከፍቶ «ጥምቀት፣ የእማዬ ልደት» ብሎ ጻፈና «በየዓመቱ ይደገም» የሚለውን መረጠ። ማስታወሻው እ.ኤ.አ. በ2017፣ በ2018 እና በ2019 በትክክለኛው ቀን ደወለለት። በ2012 ዓ.ም. በዓሉን ከእናታችን ጋር በባሕር ዳር ለማክበር ተነሣና የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠ። በጃንዋሪ 17 ገባ፤ መመለሻውን ደግሞ በጃንዋሪ 20 ማለዳ አደረገ። በዓሉ በ19 ውሎ እርሱ በማግሥቱ የሚሄድ መስሎት ነበር።

በ19 ጠዋት ስጦታውን ይዞ ወደ እናታችን ክፍል ገባ። እርሳቸውም ሳቅ ብለው «ዛሬ እኮ ከተራ ነው ልጄ፤ ልደቴ ነገ ነው» አሉት። በዚያ ቀን ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ አየ። በማግሥቱ፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲጎርፍ፣ እርሱ ሻንጣውን ይዞ ሕዝቡን በተቃራኒው እየሰነጠቀ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደ። ከዚያ በፊት በስልክ ብዙ ጊዜ ተነጋግረን ነበር። ነገር ግን እርሱም እኛም የምንለው «ለጥምቀት» ብቻ ስለ ነበር፣ ሁለታችንም በልባችን የያዝነው ቍጥር የተለያየ መሆኑን ማንም አላስተዋለም።

የወንድሜ ስሕተት ምንድን ነው? ጥር 11ን ወደ ጃንዋሪ 19 ሲቀይር አልተሳሳተም፤ ማስታወሻውን በሞላበት ዓመት መልሱ ትክክል ነበር። የተሳሳተው ያንን መልስ «በየዓመቱ» ያለ ጊዜ ነው። ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው የተቀየረ ቀን የሚሠራው ለዚያ ለተቀየረበት ዓመት ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ይሠራ እንደ ሆነ ለማወቅ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የዛሬው ገለጻም ስለዚያ ጥያቄ ነው።

ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ስል የኢትዮጵያን፣ «እ.ኤ.አ.» ስል የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ማለቴ ነው።

እንደምታውቁት የእኛ ዓመት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያላቸው 12 ወራትና የጳጉሜን 5 ቀናት አሉት። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመታቱን በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይጠራሉ፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። ስሙን ለማግኘት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ይሆናል። 5500 ራሱ ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ለእኛ ሥራ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ማካፈል ይበቃል። በያዝነው በ2018 ቀሪው 2 ነውና ዘመኑ ማርቆስ ነው። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ መጨረሻ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጭማሪዋ ቀን ጓዟን ይዛ የምትገባው በዮሐንስ መባቻ ነው።

የጎርጎርዮስ አቆጣጠርም በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን ፌብሩዋሪ 29 ላይ ይውላል። ሁለቱም አቆጣጠሮች አንድ አንድ ቀን ከጨመሩ ሒሳቡ እኩል ነው ትሉኝ ይሆናል። በአራት ዓመት ሲደመር እኩል ነው። ዳሩ ግን እኛ ቀናችንን የምንጨምረው ቀድመን፣ በሴፕቴምበር ነው፤ እነርሱ የሚጨምሩት ዘግይተው፣ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። በሁለቱ ጭማሪዎች መካከል ያሉት አምስት ወር ከ21 ቀናት እኛ አንድ ቀን ዘግይተን የምንጓዝባቸው ናቸው።

ይህን በቍጥር እንየው። እንደ ወትሮው መስከረም 1 ቀን ሴፕቴምበር 11 ይውላል። በዘመነ ዮሐንስ ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። 2016 ዮሐንስ ነበር፤ ዕንቍጣጣሽ የዋለውም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ከዚያ ጀምሮ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል። መስቀል ከሴፕቴምበር 27 ወደ 28፣ ጥምቀት ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይሄዳል። እዚህ ከጣና ማዶ በዘጌ የምትገኘው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል የካቲት 16 ነው፤ እርሱም ከፌብሩዋሪ 23 ወደ 24 ይገፋል። ግፊቱ የካቲት 21 ላይ ያበቃል። ያ ቀን በዮሐንስ ፌብሩዋሪ 29፣ በሌሎቹ ሦስት ዓመታት ፌብሩዋሪ 28 ነው። በማግሥቱ የካቲት 22 በአራቱም ዓመታት ማርች 1 ይውላል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 5 ድረስ ሁለቱ አቆጣጠሮች ያለ አንዳች መዛነፍ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

እንግዲህ ዓመቱን በሁለት ክፈሉት። ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያለውን ተንሸራታች ክፍል፣ ከየካቲት 22 እስከ ጳጉሜን 5 ያለውን ቋሚ ክፍል በሉት። ልደታችሁ ወይም በዓላችሁ በቋሚው ክፍል ከሆነ፣ ወንድሜ እንዳደረገው የጎርጎርዮሱን ቀን ሞልታችሁ «በየዓመቱ» ብትሉ ምንም አትሆኑም። የባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚያዝያ 23 ክብረ በዓል ምንጊዜም ሜይ 1 ነው። የአርበኞች ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ ምንጊዜም ሜይ 5 ነው። የዐድዋ ድል በዓል፣ የካቲት 23፣ ምንጊዜም ማርች 2 ነው። ዐድዋ ከድንበሩ በአንድ ቀን ብቻ ማለፉን ልብ በሉ፤ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ እርሱም ይንሸራተት ነበር።

በተንሸራታቹ ክፍል ያሉት ቀናት 171 ናቸው፤ ከዓመቱ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ስለዚህ ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ወደ ግማሽ የሚጠጉት ልደታቸው በዚያ ውስጥ ይወድቃል ብል ብዙ አልሳሳትም።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚቸገረው በራሱ በዘመነ ዮሐንስ፣ ከመስከረም እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ የተወለደ ሰው ነው። አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በኅዳር ጽዮን፣ ኅዳር 21 ቀን 1996 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ አለች እንበል። 1996 ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ዮሐንስ ነው። መስከረም 1 ቀን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2003 ውሏል። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 21 ያለፉት ቀናት 80 ናቸው፤ ይኸውም 30 ለመስከረም፣ 30 ለጥቅምት፣ 20 ለኅዳር። ከሴፕቴምበር 12 ተነሥተን 80 ቀን ብንቈጥር፣ ሴፕቴምበር 30 ላይ 18፣ ኦክቶበር 31 ላይ 49፣ ኖቬምበር 30 ላይ 79 ይሆናል፤ ሰማንያኛው ዲሴምበር 1 ነው። ፓስፖርቷ ላይ በትክክል ዲሴምበር 1 ቀን 2003 ተብሎ ተጻፈ። ስልኳም ከዚያ ወስዶ በየዓመቱ ዲሴምበር 1 ያስታውሳታል። እናቷ ግን ድፎውን የሚደፉት በጽዮን ነው፤ ጽዮን ደግሞ በሦስቱ ዓመታት ኖቬምበር 30 ትውላለች። የወንድሜ ማስታወሻ ሦስት ዓመት ሠርቶ አንድ ዓመት ስቷል፤ የዚህች ልጅ ማስታወሻ ሦስት ዓመት ይስታል፣ አንድ ዓመት ይሠራል። ሁለቱም መነሻቸው ትክክል የነበረ ልወጣ ነው።

እንዲህ ያለው ልጅ «ፓስፖርቴን ላስተካክል ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። መልሴ አይደለም ነው። በሕግ ፊት የተወለደችው ዲሴምበር 1 ነው፤ ያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ስለ ሆነ አይንሸራተትም። የሚንሸራተተው በየዓመቱ የሚመለሰው መታሰቢያ ነው። የትምህርት ቤትና የባንክ ቅጽ ላይ ዲሴምበር 1ን ትጻፍ፤ ከእናቷ ጋር ኅዳር 21ን ታክብር። በስልኳ ሁለቱንም ብትይዝ ነውር የለበትም።

ሁለት ብርቅዬ ልደቶችን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ አንዱ የሌላው መስታወት ነውና። ፌብሩዋሪ 29 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ዘንድ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ልደት እንዳለው ይነገርለታል። ያ ሰው በእኛ አቆጣጠር የተወለደው የካቲት 21 ነው፤ የካቲት 21 ደግሞ በየዓመቱ አለ። በአንጻሩ ጳጉሜን 6 የተወለደ የእኛ ልጅ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ዕለቱን ያገኛል፤ በጎርጎርዮስ ግን ልደቱ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ እርሱም በየዓመቱ አለ። በሌሎቹ ሦስት ዓመታት ሴፕቴምበር 11 መስከረም 1 ስለሚሆን፣ ልጁ ልደቱን በዕንቍጣጣሽ ቢያከብር ከሒሳቡ አይወጣም።

አሁን ወደ ገና ልግባ። እስካሁን ያልኳችሁን በጥሞና የተከታተለ ተማሪ «ታኅሣሥ 29 በተንሸራታቹ ክፍል ስላለ በዮሐንስ ገና ጃንዋሪ 8 ይውላል» ብሎ ይደመድማል። ታኅሣሥ 29 በእርግጥ ጃንዋሪ 8 ይውላል። ገና ግን አይውልም። በ2016 ዓ.ም. ገና የተከበረው ጃንዋሪ 7፣ ማለትም ታኅሣሥ 28 ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥምቀት ግን በጥር 11፣ ጃንዋሪ 20 ዋለ። ይህን ሲያዩ ብዙዎች ከሁለቱ አንዱ የተሳሳተ ይመስላቸዋል። የተሳሳተ የለም። የልደት በዓል የሚቈጠረው ከመጋቢት 29፣ ከጽንሰቱ ቀን ተነሥቶ ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ያለው ጊዜ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ በቀን 275 ነው፤ አምስቱ ቀናት የጳጉሜን ናቸው። በሉቃስ ጳጉሜን 6 ስትሆን 275ኛው ቀን አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 28 ላይ ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያኒቱ የጠበቀችው የቀኖቹን ብዛት ነው፤ በውጤቱም ገና ከጃንዋሪ 7 አይነቃነቅም። ጥምቀት እንዲህ ያለ ቈጠራ አልታሰረበትም፤ ከጥር 11 ጋር ይሄዳል።

ለእኛ ለፕሮግራም ጸሓፊዎች ከዚህ የሚገኘው ነገር ግልጽ ነው። ገናን «በየዓመቱ ታኅሣሥ 29» ብሎ ያስገባ ፕሮግራም በዮሐንስ ይሳሳታል፤ ጥምቀትን «በየዓመቱ ጃንዋሪ 19» ብሎ ያስገባም በዮሐንስ ይሳሳታል። ትክክሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ ገና በጎርጎርዮሱ ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት በእኛው ጥር 11 መታሰር አለበት። ሁለቱ በዓላት በሁለት ሳምንት ውስጥ እየዋሉ አንድ ሕግ ስለማይገዛቸው፣ የበዓላትን ዝርዝር ለመፈተን ከእነርሱ የተሻለ ጥንድ አላውቅም። በእጃችሁ ባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2028ን ክፈቱ። ዓመቱ 2020 ዓ.ም.፣ ዮሐንስ ነው። ገና 7 ላይ፣ ጥምቀት 20 ላይ ካያችሁ ጸሓፊው ነገሩን ያውቃል። ገና 8 ላይ ካለ የገናን ሕግ አያውቅም፤ ጥምቀት 19 ላይ ካለ ማስታወሻው ከጎርጎርዮሱ ጋር ተጣብቋል።

መፍትሔውን ከቀላሉ ልጀምር። ብዙዎቹ የስልክ ቀን መቁጠሪያዎች ከ«በየዓመቱ» በተጨማሪ «በየ4 ዓመቱ» ማለትን ይፈቅዳሉ። ዑደቱ የአራት ዓመት ስለ ሆነ አንዱን ቀን በአራት ማስታወሻዎች መያዝ ይቻላል። ለጥምቀት ጃንዋሪ 19 ቀን 2026፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2027፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 እና ጃንዋሪ 19 ቀን 2029 ብላችሁ አራቱንም «በየ4 ዓመቱ ይደገም» በሏቸው። ወንድሜ አሁን የሚጠቀመው ይህንን ነው። ለማየት አያምርም፤ ነገር ግን በማንኛውም ስልክ ይሠራል፣ ከስልክ ወደ ስልክም ሳይበላሽ ይተላለፋል።

ንጹሑ መንገድ ድግግሞሹን ራሱን በእኛ አቆጣጠር መግለጽ ነው። የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት አይካሌንደር የሚባለው ደንብ መጀመሪያ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን ድግግሞሽ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 7529 ግን ድግግሞሹ የሚቈጠርበትን አቆጣጠር የሚሰይም `RSCALE` የሚባል ክፍል ተጨመረለት። ጥምቀት እንዲህ ይጻፋል፦

```
DTSTART;VALUE=DATE:20260119
RRULE:RSCALE=ETHIOPIC;FREQ=YEARLY
```

መነሻው በጎርጎርዮስ ይጻፋል፤ ፕሮግራሙ ያንን ወደ ጥር 11 ይቀይርና በየዓመቱ ጥር 11ን ይፈልጋል። ጳጉሜን 6 ለተወለደ ሰው `SKIP=BACKWARD` ቢታከልበት ዕለቱ በሌለበት ዓመት ወደ ጳጉሜን 5 ይመለሳል፤ `SKIP=FORWARD` ቢባል ወደ መስከረም 1 ያልፋል። ምንም ካልተባለ ያ ዓመት ይዘለላል፤ ልጁም ሦስት ዓመት ያለ ልደት ይቀራል። ችግሩ ይህን ክፍል ሁሉም ፕሮግራሞች አያነቡትም። ስለዚህ ካስገባችሁ በኋላ ያው የጃንዋሪ 2028 ፈተና ይደረግ።

ሦስተኛው መንገድ ቀኖቹን ራሳችሁ አስልታችሁ ለሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት እንደ ተራ ቀን ማስገባት ነው። ስሌቱ ከላይ ለኅዳር 21 በእጅ የሠራነው ነው፤ በፓይተን ቢጻፍ ከዚህ አይበልጥም፦

```python
from datetime import date, timedelta

def to_greg(y, m, d):
    first = 12 if y % 4 == 0 else 11
    start = date(y + 7, 9, first)
    return start + timedelta(30*(m-1) + d-1)
```

`to_greg(2018, 5, 11)` ጃንዋሪ 19 ቀን 2026ን፣ `to_greg(2020, 5, 11)` ጃንዋሪ 20 ቀን 2028ን ይመልሳል። የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነት የት ገባ ብላችሁ እንዳትጨነቁ፤ መነሻችን ሴፕቴምበር ስለ ሆነ ልዩነቱ 7 ነው፤ ቈጠራው ጃንዋሪ 1ን ሲያልፍ ዓመቱ ራሱ ይለወጣል። ብዙ የተማሪ ፕሮግራሞች የሚሳሳቱት መጀመሪያ 8 ወይም 7 ለመምረጥ ሲታገሉ ነው።

ይህ ቀመር ከ1893 እስከ 2092 ዓ.ም. ድረስ ብቻ የሚሠራ መሆኑን ግን በጽሑፉ አናት ላይ ጻፉ። ምክንያቱን ዐድዋ ራሱ ይነግረናል። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ የውጭ የታሪክ መጻሕፍት ማርች 1 ቀን 1896 ይሉታል። እኛ ዛሬ የምናከብረው ማርች 2 ነው። ተማሪዎቼ ከመጻሕፍቱ አንዱን ሲከስሱ ሰምቻለሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የምእት መደምደሚያ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪ 29 የለውም፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. 1900 ያ ቀን አልነበረውም። እኛ ግን ጳጉሜን 6ን ሳንዘልል አለፍን። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ፤ የካቲት 23ም ከማርች 1 ወደ ማርች 2 ተሻገረ። 2000 ለ400 ስለሚካፈል ምንም አልተለወጠም። በ2100 ግን ፌብሩዋሪ 29 አይኖርም፤ ከዚያ ወዲህ ዐድዋ ማርች 3፣ ዕንቍጣጣሽም እንደ ወትሮው ሴፕቴምበር 12 ይሆናሉ። የአያት ቅድመ አያቶቻችሁን ልደት ከቤተሰብ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር የምታስገቡ ከሆነ ይህ የ1900 ድንበር ዛሬውኑ ይነካችኋል። ለ2100 ግን የልጅ ልጆቻችሁ ይጨነቁበት።

ከመጨረሴ በፊት፣ ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ የአንድ ቀን ስሕተት አለ። ባሕር ዳር ያለ ሰው የጥምቀትን ማስታወሻ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አድርጎ ለሚኒሶታ ዘመዱ ቢልክ፣ እዚያ በክረምታቸው ዘጠኝ ሰዓት ወደ ኋላ ስለ ሆኑ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ያውም በዋዜማው፣ ይደውላል። በሰዓት የተወሰነ ማስታወሻ ከሰዓት ክልል ጋር ይንቀሳቀሳል። ልደትና በዓል «ሙሉ ቀን» ተብለው ሲሞሉ ግን የትም አገር ቢከፈቱ በዚያው ቀን ላይ ይቆያሉ። ሁለቱም ስሕተቶች ማስታወሻውን በአንድ ቀን ስለሚያስቀድሙት ለመለየት ይከብዳሉ። መለያው ይህ ነው፦ ስሕተቱ በየዓመቱና በየወሩ ከታየ ጥፋቱ የሰዓት ክልል ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ፣ ያውም ከሴፕቴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ ብቻ ከታየ ጥፋቱ የዘመን አቆጣጠር ነው። ስሕተቱ በአራት ዓመት ሦስቴ ከታየና ማስታወሻው አንድ ቀን ከዘገየ ደግሞ ባለቤቱ፣ እንደ ኅዳር ጽዮኗ ልጅ፣ የዮሐንስ ልጅ ነው።

ፋሲካን እስካሁን ያላነሣሁት በማናቸውም አቆጣጠር «በየዓመቱ ይደገም» ሊባል ስለማይችል ነው። በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12 ዋለ፤ በዚህ ዓመት ሚያዝያ 4 ነው። እርሱና ከእርሱ ጋር የሚንቀሳቀሱት አጽዋማትና በዓላት በየዓመቱ በባሕረ ሐሳብ ተሰልተው ይገባሉ፤ በጨረቃ የሚቈጠሩት የእስልምና በዓላትም የራሳቸው ሒሳብ አላቸው። ስለ እነርሱ በሌላ ጊዜ እንገናኛለን።

ወንድሜ በዚህ ዓመት በስልክ ጠየቀኝ፤ «በ2020 ለእማዬ ልደት ልመጣ አስቤያለሁ፤ በ20 ነው ወይስ በ19?» አለኝ። «2020ን ለ4 አካፍለው» አልኩት። ጥቂት ዝም አለና «እሺ፣ መመለሻዬን በ23 አደርገዋለሁ» አለ።